«በእጄ» የምትለዋን ቃል የሰረዝን ቀን

የአክስቴ ልጅ ደብዳቤ ያውቃል። ቢሮ ስለሚሠራ «በአክብሮት እጠይቃለሁ» ማለት አይከብደውም። እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ፤ የምጽፈው እንደማወራው ነው። አንድ ድርጅት አዘዞ ለሚከፍተው ቅርንጫፍ ስቶር ኪፐር ሲፈልግ አመለከትኩ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ካለችው ኤችአር ጋር በቴሌግራም የምጻጻፈውን ሁሉ እሱ እያረመልኝ ነበር የምልከው።

መጀመሪያ መቼ ሥራ መጀመር እንደምችል ጠየቀችኝ። «በፈለጋችሁት ቀን» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰውም የሚመክረው ይሄንኑ ነው፤ ዝግጁ ነኝ በይ ይላል። እኔ ግን አልስማማም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው የሚለቀው። ስለዚህ «ከተስማማን ቀን ጀምሮ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ እጀምራለሁ» ብለን ላክን። ምንም አላለችም።

ቃለ መጠይቁን ደግሞ ለጥር 12 አደረገችው። የጎንደር ሰው ይስቃል። የጥምቀት ማግስት ነው፤ የሚካኤል ታቦት ገና ሲገባ፣ መንገዱ በሰው ተሞልቶ፣ እኔ አዘዞ እንዴት ልድረስ? መጀመሪያ የጻፍኩት መልእክት ስለ በዓሉ አንድ ገጽ ያህል ነበር። የአክስቴ ልጅ ቆረጠው፦ «ጥር 12 እዚህ መንገድ ስለሚዘጋ መድረስ አልችልም። ጥር 13 ወይም 14 ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ በየትኛውም ሰዓት እገኛለሁ።» በአሥር ደቂቃ መልስ መጣ። እዚህ ላይ ምስጋናውን አልከለክለውም።

ጉዱ የመጣው ደመወዝ ላይ ነው።

ቃለ መጠይቁ ጥሩ ሄደ። በማግስቱ «የደመወዝ ፍላጎትሽን ጻፊልኝ» አለችኝ። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «እህቴ፣ በእጄ 18 ሺህ ቢገባልኝ ደስ ይለኛል።» የአክስቴ ልጅ አይቶ ሳቀ። «‹በእጄ› ምንድን ነው? የቀን ሠራተኛ አስመሰልሽው» አለኝ። አሳምሮ መለሰልኝ፦ «የምጠብቀው ወርሃዊ ደመወዝ 18,000 ብር መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።» አነበብኩት፣ አማረኝ፣ ላክሁት። ሳልልክ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እስካሁን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ኤችአር «ደመወዝ» ስትባል የምታነበው ያልተጣራውን ነው። የሥራ ውሉ ላይ የሚጻፈው እሱ ስለሆነ አልፈርድባትም። የቅጥር ደብዳቤው ረቂቅ መጣ፤ ደመወዝ 18,000። ደስ ብሎኝ ለሆቴላችን ሒሳብ ሠራተኛ አሳየሁት። ካልኩሌተሩን አወጣ። ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ደመወዝ በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ይቀነስለታል፤ ግብሩ 4,250 ብር ነው። የጡረታ 7 በመቶ ደግሞ 1,260። እጄ ላይ የሚደርሰው 12,490 ብር ብቻ!

ሆቴሉ የሚከፍለኝ ያልተጣራ 20,000 ነው። በእጄ የሚገባው 13,650። ልክ ነው፣ ደመወዜ እንዲቀነስ በአክብሮት ጠይቄ ነበር ማለት ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው ወደ ኋላም አሰላልኝ። በእጅ 18,000 የሚፈልግ ሰው ከሚፈልገው ላይ 2,050 ቀንሶ ለ0.58 ያካፍል አለኝ። 0.58 የምትመጣው ግብሩና ጡረታው ተደምረው 42 በመቶ ስለሚወስዱ ነው። መልሱ 27,500 ሆነ። እኔ የፈለግሁትና የጻፍኩት በ9,500 ብር ይለያያሉ። ያቺን ልዩነት ተሸክማ የነበረችው «በእጄ» ናት፤ እኛ ደግሞ አታምርም ብለን ሰረዝናት።

ዛሬ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ «የምፈልገው ከግብርና ከጡረታ በኋላ የተጣራ 18,000 ብር ነው፤ ያልተጣራው 27,500 ገደማ ይሆናል። የትራንስፖርት አበል ካለ መነጋገር እንችላለን።» ብዙ ሰው ቁጥር አስቀድመሽ አትጥሪ ይላል። ጥሪው፤ ግን የትኛው ቁጥር እንደሆነ አብረሽ ጻፊ።

ለኤችአሯ ደውዬ ስህተቱን ነገርኳት። መጻፍ ፈርቼ ነበር። ደግ ልጅ ናት፣ አልተቆጣችም። ግን በ18,000 በጀት አስፈቅዳ ጨርሳለች። ከሦስት ቀን በኋላ «እስከ 21,000 እንሄዳለን» አለችኝ። በእጅ 14,230 ነው። ከሆቴሉ የሚበልጠኝ 580 ብር፤ እሱንም በየቀኑ ከፒያሳ አዘዞ የምመላለስበት ታክሲ ይበላዋል።

«አመሰግናለሁ፣ በዚህ አይሆንልኝም» ብዬ በራሴ አማርኛ ጻፍኩላት። የአክስቴ ልጅ ግን አሁንም «ጽሑፉ እኮ ያማረ ነበር» ይለኛል።