58 ቤርጋ ትርፍ

ፍኖተ ሰላም አጠገብ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ እየሠራን ነበር። ፋውንዴሽኑ አልቆ ወደ ኮለን፣ ማለትም ወደ ምሰሶው፣ ልንገባ ስንል 60 ኩንታል ባለ 14 ሚሊ ፌሮ አዘዝን፤ አንዱን ዘንግ ቤርጋ እንለዋለን። መኪናው የገባው ማታ ነው፤ ልጆቹ እስኪጨልም ሲያራግፉ ቆዩ። እኔ በማግሥቱ ጠዋት ሳይት ስደርስ ስቶር ኪፐራችን በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ኢንጂነር፣ ተሳስተውልናል! 413 ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ 471 ቤርጋ ቆጠርኩ። 58 ትርፍ!»

ሁለት ጊዜ ቆጥሯል። ልጁ ጠንቃቃ ነው፤ ቁጥሩን አምነዋለሁ። ያሳሰበኝ ግን እሱን ያስደሰተው ነገር ነው። ፌሮ የገዛነው በኪሎ ነው፤ መኪናው በሚዛን አልፏል፤ 60 ኩንታሉም ልክ ነበር። ክብደቱ ልክ ሆኖ ቤርጋው ከበዛ፣ እያንዳንዱ ቤርጋ ቀሏል ማለት ነው። የቀለለ ፌሮ ደግሞ ቀጥኗል፣ ወይ አጥሯል። ርዝመቱን በሜትር ለካሁት፤ 12 ሜትር ሙሉ ነው። ስለዚህ ቀጥኗል።

ፎርማኑ አልተቀበለኝም። ካሊፐሩን አምጥቶ ፊቴ ለካና 14 ነጥብ 1 አሳየኝ። «ይኸው 14 ነው፤ ጥቅሉ ላይ የታሰረው ካርድም 14 ይላል» አለ። እሱ የለካው ፌሮው ላይ ካለው ጉብታ፣ ከጥርሱ ጫፍ እስከ ጥርሱ ጫፍ ነው። ጥርሶቹ መሃል ያለውን ሜዳ ስለካው 12 ነጥብ 5 ሆነ። ጥርስ ያለው ፌሮ በካሊፐር አይዳኝም፤ አንዱ ቦታ ያወፍረዋል፣ ሌላው ቦታ ያቀጥነዋል። የሚዳኘው በሚዛን ነው። ዲያሜትሩን በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል፣ የአንድ ሜትሩ ኪሎ ይወጣል። 14 ሲባዛ በ14፣ 196። ለ162 ሲካፈል 1.21 ኪሎ።

ከአምስት የተለያየ ጥቅል አምስት ቤርጋ አወጣን። ዝገቱንና ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን፣ ከእያንዳንዱ ልክ አንድ ሜትር በግራይንደር ቆረጥን። የሳይቱ ሚዛን ለግራም አይሆንም። ከገበያ አንድ ማር ነጋዴ ዲጂታል ሚዛኑን አዋሰን። በአንድ ኪሎ የሚዛን ብረት ፈትነነው ልክ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ፎርማኑ ራሱ እያስቀመጠ እኔ ጻፍኩ፦ 1.05፣ 1.06፣ 1.06፣ 1.07፣ 1.06።

ዝም አለ። በሜትር 1.06 ማለት እውነተኛው ዲያሜትር 13.1 ሚሊ ነው። ከ1.21 ሲነጻጸር 12 በመቶ ገደማ ጎድሏል። ለ14 ሚሊ መስፈርቱ የሚፈቅደው ከፍና ዝቅ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ይሄ የፋብሪካ መዛነፍ አይደለም።

ያኔውኑ ሥራ አስቆምኩ። ፌሮ የሚቆርጡትና የሚያስሩት ፌራዮዎቹ ማልደው ስለጀመሩ 14 ቤርጋ ቆርጠዋል። ቀሪውን 457 ለብቻው ከምረን ቀይ ቀለም ቀባነው፤ ማንም ተሳስቶ እንዳያነሳው።

ፌሮውን ለሸጠልን ነጋዴ ደብዳቤ የጻፍኩት እንደተናደድኩ ነው። «ጥራቱን ያልጠበቀ ፌሮ በማቅረብ አጭበርብራችሁናል» ይል ነበር። ፕሮጀክት ማናጀራችን አነበበና «ጥራት» የሚለውን ቃል በእስክሪብቶ ከበበው።

«ጥራት ካልከው ነጋዴው ላብራቶሪ እንላክ ይልሃል። ላብራቶሪው የቀጠነውን ስፋት ይዞ ካሰላ ጥንካሬው አልፎ ይመጣል። ያኔ ምን ትላለህ?»

እውነቱን ነው። ብረቱ ብረት ነው፤ በጥራቱ ላይ ማስረጃ የለኝም። የጎደለው ውፍረቱ ነው። ላብራቶሪው ፌሮውን ስቦ የሚበጥስበት ኃይል ለ14 ሚሊ ስፋት መካፈል ሲገባው ለቀጠነው ከተካፈለ፣ ጉድለቱ ወረቀቱ ላይ ይደበቃል። «አጭበርብራችሁናል» የሚለውንም አወጣሁ። ነጋዴው ራሱ ተታሎ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የማውቀው የመዘንኩትን ብቻ ነው።

አንድ እሾህ ግን ነበር። ስቶር ኪፐሩ ማታ የአቅራቢው ማስረከቢያ ላይ «በሙሉ ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈርሟል። ያንን መደበቅ አይቻልም፤ ደብዳቤው ራሱ ቀድሞ ሊያነሳው ይገባል። የመጨረሻው እንዲህ ሆነ፦

«ጉዳዩ፦ ውፍረቱ ያነሰ ፌሮ እንዲቀየርልን ስለመጠየቅ

በግዥ ትዕዛዛችን መሠረት 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ 60 ኩንታል መላካችሁ ይታወቃል። ሠራተኛችን በማስረከቢያው ላይ የፈረመው ጠቅላላ ክብደቱንና የቤርጋውን ብዛት ለመረከቡ እንጂ ዲያሜትሩን አረጋግጦ አይደለም። በማግሥቱ ከአምስት ጥቅሎች ናሙና ወስደን ስንመዝን የአንድ ሜትር አማካይ ክብደት 1.06 ኪሎ ሆኖ አግኝተነዋል። የ14 ሚሊ ሜትር ፌሮ 1.21 ኪሎ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ለሥራ ያልተቆረጠውን 457 ቤርጋ በ7 ቀን ውስጥ በራሳችሁ ትራንስፖርት አንስታችሁ በተመሳሳይ ክብደት ትክክለኛ 14 ሚሊ ሜትር እንድትተኩልን እንጠይቃለን። ናሙናዎቹ በሳይት ተቀምጠዋል፤ መጥታችሁ አብረን እንድንመዝን እንጋብዛለን። እስከዚያ የዚህ ርክክብ ክፍያ አይፈጸምም።»

የማስረከቢያውን ኮፒ፣ የሚዛኑን ውጤት ከሦስታችን ፊርማ ጋር፣ የቀይ ክምሩንም ፎቶ አያያዝኩ። ለአማካሪው መሐንዲስ ግልባጭ አደረግን።

ደብዳቤው በደረሰው ቀን ነጋዴው ደወለ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል።

«ልጄ፣ በኪሎ ነው የገዛችሁኝ። 60 ኩንታል አልሞላም?»

«ሞልቷል ጋሼ። በገንዘብ አልተጎዳንም። ኮለኑ ግን የሚቆመው በኩንታል አይደለም፤ ድሮዊንጉ 8 ፍሬ ባለ 14 ነው የሚለው።»

«ታዲያ አንድ አንድ ጨምሩበት። ትርፉ እዚያው አለላችሁ!»

ይሄኛው ሐሳብ ብዙ ሳይት ላይ ይሠራበታል፤ ለዚህ ነው በዝርዝር የመለስኩለት። የአንድ ባለ 14 ስፋት 154 ካሬ ሚሊ ነው፤ ስምንቱ 1232። የሱ ፌሮ 135 ነው። ዘጠኝ ብናደርገው 1215 ይሆናል፤ አሁንም ይጎድላል። አሥር ያስፈልጋል። አሥር ፌሮ ደግሞ ለስምንት በተሠራ ኮለን ውስጥ ሲገባ ይጣበባል፤ ፌሮ ከፌሮ የሚቀጠልበት መደራረቢያው ላይማ ሃያ ይሆናል፣ ጠጠሩ በመሃሉ አያልፍም። ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ስታፋም ይቀየራል። ይሄን የሚወስነው ዲዛይነሩ ነው፤ እኔም ፌራዮውም አይደለንም።

ትንሽ ዝም አለና «ነገ እመጣለሁ» አለ። መጣም። ከክምሩ ራሱ መርጦ ሦስት ቤርጋ አስቆረጠ። ሚዛኑ ላይ 1.06፣ 1.05፣ 1.07 ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኔም የተቀበልኩት በካርዱ ነው» አለኝ። አመንኩት። እሱ ያስቆረጣቸውን ሦስቱንም ከ457ቱ ጋር ቆጥሮ ለመውሰድ ተስማማ።

ፌራዮዎቹ የቆረጡትን 14 ግን አልተቀበለም። ልክ ነው፤ ሳንመዝን የቆረጥነው እኛ ነን። ኪሳራውን ድርጅታችን ዋጠው፤ ብረቱ ለአጥር ችካል ሆነ።

በስድስተኛው ቀን ምትኩ ገባ፤ በዚህ ጊዜ በቀን። አንድም ቤርጋ ሳይራገፍ መኪናው ላይ ወጥተን ከሦስት ጥቅል ቆረጥን። 1.20፣ 1.21፣ 1.19። ከዚያ «አራግፉ» አልኩ። ስቶር ኪፐሩ ጥግ ቆሞ ቆጠረ። መጨረሻ ላይ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«400 ነው ኢንጂነር። ትርፍ የለውም።»

457 ቤርጋ በ12.72 ኪሎ፣ ለ14.52 ሲካፈል 400። ማስረከቢያው ላይ ከፊርማው በላይ የሜትሩን ክብደት በእጁ ጻፈና ፈረመ።