44.1 ወይስ 45?

የአንደኛው ሴሚስተር የፊዚክስ ማጠቃለያ ፈተና ታርሞ አልቋል። 40 የምርጫ ጥያቄ፣ 48 ተማሪ። ውጤት ወደ መዝገብ ከማስገባቴ በፊት ግን የማልተዋት አንዲት ልማድ አለችኝ። የመልስ ወረቀቶቹን ከከፍተኛው ውጤት ወደ ዝቅተኛው እደረድርና ከላይ 13ቱን፣ ከታች 13ቱን ለይቼ በየጥያቄው ማን ምን እንደመረጠ እቆጥራለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ትፈጃለች፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

የዚያን ቀን ቆጠራው መጀመሪያ ያጋለጠው 23ኛውን ጥያቄ ነበር። ከላይኞቹ 13 ተማሪዎች 12ቱ «ሐ»ን መርጠዋል፤ የመልስ ቁልፌ ግን «ለ» ይላል። ጎበዞቹ በአንድ ድምፅ አንድ ቦታ ከሄዱ፣ የተሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉ ነው። ጥያቄውን ሠርቼ አየሁት፤ እጄ አንድ ፊደል አንሸራትቷል። ቁልፉን አስተካክዬ 23ኛውን እንደገና አረምኩ። ይህ ስሕተት ነው እንጂ ክርክር የለበትም።

17ኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አንድ ድንጋይ በቀጥታ ወደ ላይ ተወርውሮ ከ6 ሰከንድ በኋላ ወደ ተወረወረበት ቦታ ተመለሰ። የአየር ግጭት ከቁጥር ባይገባ፣ የደረሰበት ከፍተኛ ከፍታ ስንት ነው?» አማራጮቹ 44.1፣ 45፣ 88.2 እና 176.4 ሜትር ናቸው። ቁልፉ 44.1 ነው። ከላይኞቹ 13 ተማሪዎች 7ቱ 44.1ን፣ 6ቱ 45ን መርጠዋል፤ ሌሎቹን ሁለት አማራጮች አንዳቸውም አልነኳቸውም። ከታችኞቹ መካከል ግን በአራቱም ላይ ተበታትነዋል።

ከባድ ጥያቄ ጎበዙንም ያሳስታል፤ ጎበዞች ለሁለት እኩል ተከፍለው የቀረውን ሲተዉ ግን ሌላ ነገር አለ። ስሌቱን እዩት። ድንጋዩ ለመውጣት 3 ሰከንድ፣ ለመውረድ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከፍታው h = ½gt² ነው። የስበት ፍጥንጥነቱን g = 9.8 m/s² ያለ 44.1 ያገኛል፤ 10 ያለ ደግሞ 45። 88.2 ግማሹን የዘነጋ ልጅ መልስ ነው፤ 176.4 ደግሞ 6ቱን ሰከንድ ለሁለት ሳይከፍል የሠራው። ሁለቱን ወጥመዶች ሆን ብዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። 45ንም ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ «በዘፈቀደ ወደ 10 የሚያጠጋጋውን ይይዝልኛል» ብዬ። ብልጠት መሆኑ ነው።

ብልጠቱ የሚሠራው ግን 9.8 የሚለው ቁጥር ለተማሪው ከተሰጠው ነው። ተሰጥቶም ነበር፤ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «በዚህ ፈተና g = 9.8 m/s² ይወሰድ» የሚል መስመር ጽፌአለሁ። የተባዛውን ወረቀት ባወጣው መስመሩ የለም። መጀመሪያ የወቀስኩት፣ በልቤ ቢሆንም፣ ጸሐፊዋን ነበር። ቆይቶ ትዝ አለኝ። ፈተናው በሁለት መስመር ምክንያት ወደ 5ኛ ገጽ ሲያልፍ «ከላይ ያለውን አንሺው፣ ለምደውታል» ያልኳት እኔ ነኝ። ይባስ ብሎ በ9ኛው ጥያቄ ውስጥ በገዛ እጄ «g = 10 m/s² ቢሆን» ብያለሁ። 10ን ከ9ኛው ወደ 17ኛው ይዞ የሄደ ልጅ ምን አጠፋ?

የጥያቄ ወረቀቶቹን ስበረብር ከአንደኛዋ ልጅ ወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁ፦ «9.8 ከሆነ 44.1፤ 10 ከሆነ 45። የቱ ይወሰድ?» ጠይቃ ነበር ለካ። ፈታኙ፣ እንደ ደንቡ፣ «የተጻፈውን ብቻ ሥሪ» ብሏታል። እሷም የተጻፈውን ፈልጋ ያገኘችው 10ን ነው። 45 መረጠች፤ እኔም ኤክስ አደረግሁባት።

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስነግረው ፊቱን አኮሳተረ። «አንዲት ልጅ ናት የጠየቀችው። የመማሪያ መጽሐፉ 9.8 ይላል በልና ዝጋው። ዛሬ አንዷን ካመንክ ነገ 40ውንም ጥያቄ ይዘውልህ ይመጣሉ።» እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። «የጠያቂ ማነስ ምንም አያሳይም» አልኩት። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በሆነው ኤስኤቲ ላይ፣ በትልቅ ክብ ዙሪያ ስለሚንከባለል ትንሽ ክብ የቀረበ ጥያቄ ትክክለኛ መልሱ 4 ሆኖ ሳለ ከአማራጮቹ መካከል 4 አልነበረም፤ ከ300 ሺሕ ገደማ ተፈታኞች ስሕተቱን ጽፈው ያሳወቁት ሦስት ነበሩ። ኃላፊው ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ።

ዋናው ጭንቅ ይህ ነበር። ጥያቄውን መሰረዝ ቀላል ይመስላል። ግን ከ40 ጥያቄ 20 ያገኘች፣ 17ኛውንም በትክክል የሠራች ልጅ አለች፤ ብሰርዘው 20/40 የነበረው 19/39 ይሆንና ከ50 በመቶ ወደ 48.7 ትወርዳለች። በእኔ ጥፋት እሷ ልትወድቅ ነው። ለሁሉም አንድ ነጥብ መስጠትስ? ያኔ 176.4 የመረጠው፣ ጊዜውን ለሁለት መክፈል ያልቻለው፣ ነጥብ ይመረቅለታል። ስለዚህ 44.1ም 45ም ትክክል ተብለው ተያዙ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ስሕተት እንደሆኑ ቀሩ። 45 የመረጡት አንድ አንድ ነጥብ ጨመሩ፤ ከማንም አልተቀነሰም።

በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት አራት መስመር ነበር። «በጥያቄ 17 ላይ የ g ዋጋ አልተሰጠም፤ ጉድለቱ የጥያቄው አውጪ ነው» ብዬ ጀመርኩና የትኞቹ መልሶች እንደሚያዙ፣ ለምንስ ሌሎቹ እንደማይያዙ ጻፍኩ። «በተፈጠረው የቴክኒክ ችግር» የምትለዋን ሐረግ ጽፌ ሰረዝኳት። ማን ምን እንዳደረገ የማትናገር ዓረፍተ ነገር ናት።

ኃላፊው የፈራውም አልቀረም። በማግስቱ ሦስት ልጆች 12ኛውን ይዘው መጡ። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ፍጥንጥነቱ ዜሮ ነው ብለው ይከራከራሉ። «መምህር፣ ግማሹ ክፍል እኮ ዜሮ ነው ያለው!» አሉኝ። ጥያቄውን አስነበብኳቸውና «ዜሮ ከሆነ ከዚያ በኋላ ለምን ይወድቃል?» አልኳቸው። ፍጥነቱ ለቅጽበት ዜሮ ይሆናል፤ ፍጥንጥነቱ ግን ያው g ነው፣ ባይሆን ኳሱ እዚያው ተንሳፍፎ ይቀር ነበር። የ45 መልስ ከወረቀቱ ቃል ተነሥቶ በትክክለኛ ስሌት የሚደረስበት ነው፤ የዜሮው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ከማደባለቅ የመጣ ነው፣ የመራጮቹ ብዛት አያጸድቀውም። ሁለቱ ተቀብለው ሄዱ፤ ሦስተኛው እያጉረመረመ።

ከሰዓት በኋላ ያቺ በእርሳስ የጻፈችው ልጅ በሩን አንኳኳች። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ።

«መምህር፣ ማስታወቂያው ላይ 9.8 m/s ነው የሚለው። ካሬዋ የለችም።»

ብዕሬን ይዤ ተከትያት ወጣሁ።