በመቅደላ ጥናቴ የግርጌ ማስታወሻ ላይ የተማርኩት

ከመቅደላ ስለወጡ ቅርሶች የጀመርኩትን ጥናት ሦስተኛ ምዕራፍ ስጨርስ የግርጌ ማስታወሻዎቼን እንደገና ከሰነዶቹ ጋር ማመሳከር ጀመርኩ፤ ሥራውም ካሰብኩት በላይ ጊዜ ወሰደብኝ። ዋናው ስህተቴ ሰነዱን ባየሁበት ቀን ሊጠቀስ በሚችል መልኩ አለመመዝገቤ ነበር።

በለንደን ኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ እ.ኤ.አ. ከ1906 በፊት የነበረው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ደብዳቤ ልውውጥ FO 1 በሚል ምድብ ተቀምጧል። አንድን ሰነድ ለመጥቀስ ግን ምድቡንና የጥራዙን ቁጥር መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ አንድ ጥራዝ በመቶ የሚቆጠሩ ወረቀቶች ሊይዝ ይችላል። በእንዲህ ዓይነቱ ጥራዝ ውስጥ ደግሞ አንዱ ወረቀት ሁለት ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ አንደኛው ጸሐፊው ራሱ ለደብዳቤው የሰጠው የገጽ ቁጥር ሲሆን ሌላው ጥራዙ ሲደራጅ በማዕዘኑ ላይ የታተመ የቅጠል፣ ማለትም የወረቀቱ ተራ ቁጥር ነው። እኔ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ገጽ 3» ብዬ ነበር፤ ያ የደብዳቤው ሦስተኛ ገጽ ነበርና ከጥራዙ ውስጥ ወረቀቱን ፈልጌ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አሁን የቅጠሉን ቁጥር፣ ከዚያም «ፊት» ወይም «ጀርባ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ላኪውን፣ ተቀባዩን፣ የተጻፈበትን ቦታና ቀን ከፊት አስቀድሜ ቤተ መዛግብቱን በመጨረሻ አደርጋለሁ። ቅጂውን ብቻ አይቼ ከሆነም ቅጂ መሆኑን እገልጻለሁ፤ የትርጉም ቅጂ ከሆነ ደግሞ ይህን መደበቅ ለእኔ ከስህተት አይተናነስም።

ቀኑ ራሱን የቻለ ችግር ነው። መቅደላ የተያዘችው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ይህ ሚያዝያ 13 ቀን 1868 ነው፤ በዛሬው ስሌት ግን ሚያዝያ 6 በእነርሱ ሚያዝያ 14 ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው አውሮፓውያኑ 1900ን የካቲት 29 ቀን የሌለው ዓመት ስላደረጉትና እኛ እንደ ወትሮው አራት ዓመት ቆጥረን ጳጉሜን 6 ስላደረግን ነው። ለዚህ ነው የዓድዋ ጦርነት በእነርሱ መጋቢት 1 ቀን 1896 ተደርጎ ሳለ የካቲት 23ን ዛሬ በእነርሱ መጋቢት 2 የምናከብረው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን እንደተጻፈ አሰፍርና የራሴን ስሌት በቅንፍ እጨምራለሁ፤ ሁለቱን አቀላቅዬ ብተው ኖሮ አንባቢው የትኛው የእኔ እንደሆነ አይለይም ነበር።

ከቤተሰብ እጅ ያገኘሁት ያልታተመ ደብዳቤም አለ። ቁጥር የለውም፣ ሣጥን የለውም፤ ስለዚህ ጥቅሱ ላይ የላኪውንና የተቀባዩን ማንነት፣ ቀኑን፣ ያየሁት ዋናውን መሆኑንና ያየሁበትን ቀን እጽፋለሁ፣ ባለቤቱንም «በግል እጅ የሚገኝ» ብዬ አልፋለሁ፤ ስም የምጠራው ባለቤቱ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ወረቀቱ በእጃቸው መሆኑ ቃሉን የማሳተም መብት አለኝ ለማለት እንደማይበቃቸው ያወቅሁትም ዘግይቼ ነው፤ ያ መብት በአብዛኛው የጸሐፊው ወራሾች ነው። ረጅም ጥቅስ ከማውጣቴ በፊት ሁለቱንም እጠይቃለሁ።

በጣም የተሳሳትኩት ግን በዕቃ ላይ ነው። በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የመቅደላ የወርቅ ዘውድ መለያው M.27-2005 ነው። በመጀመሪያ ረቂቄ ላይ «ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2005 ያገኘው» ብዬ ነበር። ዘውዱ ወደ ሙዚየሙ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1872 ከእንግሊዝ ግምጃ ቤት በአደራ ተሰጥቶ ነው፤ ቁጥሩ የሚያሳየው በይፋ በስብስቡ ውስጥ የተመዘገበበትን ዓመት ብቻ ነው። በዚያው ሙዚየም የሚገኘው የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባለው ቀሚስ 399-1869 ተብሎ ስለሚታወቅ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ዘውዱ ከቀሚሱ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ለዕቃ የምጽፈው ማስታወሻ መለያ ቁጥሩን፣ የዕቃውን ዓይነትና ቁስ፣ ከዚያም ዕቃው በማን እጅ እንዳለፈ የሚገልጽ ሐረግ ይይዛል። «ከመቅደላ የተወሰደ» የሚለውን ቃል ሙዚየሙ የሚጠቀምበት ይሁን እኔ ያልኩት ለይቼ አስቀምጣለሁ። የሙዚየሙን ድረ ገጽ ጽሑፍ ስጠቅስም ያየሁበትን ቀን አልረሳም፤ የዕቃ መግለጫ በየጊዜው ስለሚታረም ከአንድ ዓመት በኋላ የምትከፍቱት ጽሑፍ ሌላ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሳምንት ከአርባ ሁለቱ ማስታወሻዎች ሠላሳ አንዱን አርሜያለሁ፤ የቀሩት የቅጠል ቁጥር የጎደላቸው ሲሆኑ እነርሱን በፎቶዎቼ ማዕዘን ላይ የታተመውን ቁጥር አጉልቼ እያነበብኩ እየሞላሁ ነው። ሁለቱ ፎቶዎች ግን ማዕዘናቸው ተቆርጧል።