የገበያን ፎቶ ከዋጋው መጀመር፦ የአንድ ኮኮናት መደብ ምርመራ

ከፎቶ ላይ ቦታ የመለየት ልምምዴን ወደ ገበያ ፎቶዎች ካዞርኩ ወዲህ ቅደም ተከተሌ ተለውጧል። ፍራፍሬውን ወደ ኋላ አቆይቼ ከዋጋው ወረቀት እጀምራለሁ። ለምን እንደሆነ ሰሞኑን በሠራሁበት ፎቶ ላሳያችሁ።

ፎቶው የመንገድ ዳር የፍራፍሬ መደብ ነው። ከጣሪያው አጫጭር ሙዞች ከነዘለላቸው ተንጠልጥለዋል፣ ከሥር አረንጓዴ ኮኮናት ተከምሯል፣ ከጎኑ ፓፓያና ሸንኮራ አገዳ አለ። ፍራፍሬውን ብቻ ያየ ሰው ኬረላ ወይም ዛንዚባር ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በካርቶን ቁራጭ ላይ በእጅ የተጻፉት ዋጋዎች በዓረብኛ ናቸው።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል። ከግብፅ ጀምሮ በምሥራቁ የዓረብ ዓለም በሰፊው በሚሠራበት አጻጻፍ ዜሮ ነጥብ ነው፣ አምስት ደግሞ ክብ ነው። ክቡን ዜሮ ብሎ የሚያነብ ሰው ዋጋው ይጠፋበታል። ስድስቱም የእኛን 7 ይመስላል። በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ገበያዎች የሚጻፈው ግን እኛ የለመድነው ቁጥር ስለሆነ፣ ይህ አጻጻፍ ብቻውን ፍለጋውን ወደ ምሥራቅ ይገፋዋል። የኮኮናቱ ወረቀት ላይ አንድ ክብና ሁለት ነጥቦች አሉ፤ 500 ማለት ነው።

500 የምን? አንድ ኮኮናት በሳዑዲ ሪያል 500 ሊሸጥ አይችልም። በየመን ሪያል ግን ቁጥሩ ለዓይን እንግዳ አይሆንም፤ የመን ደግሞ ኮኮናት ከሚበቅልበት የኦማን ጠረፍ ጋር ትዋሰናለች። ስለዚህ በአንድ ዋጋ ብቻ መወሰን አይቻልም። መፍትሔው በዚያው መደብ ላይ ሁለተኛ ዋጋ መፈለግ ነው። ከሙዙ ሥር ያለው ወረቀት 1 ይላል። 500 እና 1 በአንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ከቆሙ፣ ትንሹ ገንዘብ በመቶዎች የሚቆጠርበት፣ ትልቁም አንድ ሺህ ትንንሾችን የያዘበት አገር ነው። በየመን በ1 ሪያል የሚገዛ የሙዝ ዘለላ የለም። በሳዑዲ፣ በኤምሬትስና በኳታር ትልቁ ገንዘብ የሚከፈለው በመቶ ነው። በባሕረ ሰላጤው አንድ ሺህ ቦታ የሚከፈሉት የኩዌትና የባሕሬን ዲናር እንዲሁም የኦማን ሪያል ናቸው። በሱፐርማርኬት የታተመ መለያም ቢሆን እነዚህን አገሮች ያሳብቃል፤ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አኃዝ ይጻፋልና፣ ለምሳሌ 0.350።

ከሦስቱ አንዱን የሚመርጠው ከቁጥሩ ጎን ያለው ቃል ነው። በኩዌትና በባሕሬን ፊልስ ይባላል፣ በኦማን ባይሳ። በፎቶው ላይ ቃሉ በግማሽ ተሸፍኗል፤ ሆኖም የመጀመሪያው ፊደል ከሥሩ አንድ ነጥብ ያለው “ባ” ነው። የፊልስ “ፋ” ነጥቡ ከላይ ነው። ኦማን።

ማሸጊያዎቹን ሆን ብዬ ያዘገየሁት በብዛት ስለሚያሳስቱ ነው። ሙዝ የተሞላበት ካርቶን ፊሊፒንስ ይላል፤ ካርቶን ግን ባዶውን ሲቀር ለሌላ ዕቃ ይውላል፣ የሚናገረውም መጀመሪያ ስለያዘው ዕቃ ብቻ ነው። ዓረብኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተመበት የውኃ ጠርሙስ በመላው ባሕረ ሰላጤ አለ። ኦማን የሚል ስም ያለው የድንች ቺፕስ እንኳ በዱባይ ሱቆች ሞልቷል። ከማሸጊያ የምፈልገው በአስመጪው የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ነው፤ የስልኩ መነሻ 968 ከሆነ ኦማንን ይደግፋል።

ፍራፍሬው የሚጠቅመው አሁን ነው። በአብዛኛው የኦማን ክፍል የሚጠበቀው ቴምርና ሎሚ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጁን እስከ ሴፕቴምበር) የሚዘልቀው የክረምት ጉም የሚያርሰው ግን በደቡብ ያለውን የዶፋር ክልል ነው፤ የክልሉ ዋና ከተማ የሳላላ ኮኮናት፣ ሙዝና ፓፓያም የሚበቅሉት በዚያ ነው። ሆኖም የሳላላ ኮኮናት አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሙስካት ድረስ ይሸጣል። ስለዚህ ፍሬው መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ከነዘለላው መንጠልጠሉንና ከመደቡ በስተጀርባ የቆሙትን ዛፎች አያለሁ። የቴምር ዛፍ ግንድ በተቆረጡ የቅርንጫፍ ጉቶዎች የተሸፈነ ነው፣ ቅጠሉም ወደ ግራጫ ያደላል። የኮኮናት ግንድ ለስላሳ ሆኖ ዙሪያውን የቀለበት ምልክት ብቻ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ዘንበል ይላል። በፎቶው ላይ ያሉት የኮኮናት ዛፎች ናቸው፤ መደቡም ከእርሻው አጥር ተጠግቶ ተሠርቷል።

ከዚያ በኋላ የሳላላን የሳተላይት ምስል ከፍቼ በባሕሩ ዳር ያለውን የኮኮናት እርሻ ጠርዝ ተከተልኩ። በዳሃሪዝ ሰፈር በኩል መደቦች ከእርሻው ጋር ተያይዘው በመንገዱ ዳር ተደርድረዋል። መንገዱን በእርግጠኝነት ይዣለሁ። የትኛው መደብ እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም፤ ጣሪያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ በፎቶውም ላይ ከአጥሩና ከዛፎቹ በቀር ቋሚ ምልክት አይታይም።