የእማዬ የኔት ወረቀት፦ ከመደወላችን በፊት ሰባት ቀን የመዘገብነው

ደብረ ብርሃን ያለው የወላጆቼ ቤት ኔት ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ሲያስቸግር ከረመ። እማዬ ስትደውልልኝ ቃሏ አንድ ነው፤ «ኔቱ ዛሬም ሞቷል»። መቼ ጀመረው ስላት «ማታ ማታ ነው መሰለኝ» ትለኛለች። አባባ ሁለት ጊዜ ለአገልግሎት ሰጪው ደውለዋል። ሁለቱንም ጊዜ የደወሉት እኩለ ቀን ላይ ነው። መስመሩ በዚያ ሰዓት ደህና ስለነበረ «ከእኛ በኩል ችግር አይታይም፣ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ተባሉ።

እኔ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። በየቀኑ ሄጄ ማየት አልችልም። ስለዚህ እነሱ ራሳቸው የሚሞሉት አንድ ወረቀት ላዘጋጅ አልኩ። እናንተም ቤተሰባችሁን ከሩቅ የምትረዱ ከሆነ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። የእኛ ቤት ኔት የሚመጣው በድሮው የስልክ ሽቦ ነው፤ ጥቅሉም 4 ሜጋ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀቴ ከሸፈ። አሥራ አንድ ሳጥን ነበረው። እማዬ ሁለት ቀን ሞልታ ተወችው፤ ልክ ነበረች። ፒንግ፣ አፕሎድ፣ የራውተር አድራሻ እያልኩ ለእኔ የሚመቸኝን ነበር የጠየቅኳት። ሁለተኛው ስድስት ሳጥን ብቻ አለው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ መብራት፣ የስልክ ድምፅ፣ ሁለት የፍጥነት ቁጥር፣ ማስታወሻ። በቀን ሦስት ጊዜ ይሞላል፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። ከላይ የጻፍኩት መመሪያ ይኸው እንዳለ፦

1. ራውተሩን አትንኩት። መጀመሪያ DSL የሚለውን መብራት እዩ። ቀጥ ብሎ ይበራል ወይስ ይርገበገባል?
2. የቤት ስልኩን አንሱ። አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኑ። ጸጥ ሲል አድምጡ። ንጹህ ነው ወይስ ይንሻሻላል?
3. በምትለኩበት ሞባይል የሲም ዳታውን አጥፉ። ዋይፋዩ ብቻ ይቅር። ሌላው ሰው ለሦስት ደቂቃ ስልኩን ከዋይፋይ ያውጣ።
4. ከራውተሩ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ቁሙ። fast.com ብላችሁ ክፈቱ። ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲያቆም ጻፉት።
5. አንዴ ድገሙት። ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ።
6. ያያችሁትን ማንኛውንም ነገር ማስታወሻው ላይ ጻፉ። የቤቱ መብራት ጠፍቶ ከነበረ እሱንም።

የመጀመሪያው ተራ ለምን «አትንኩት» እንደሚል እማዬም ጠይቃኝ ነበር። ኔት ሲዘገይ እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ራውተሩን ወደማጥፋት ነው። ሲጠፋ ግን ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። መብራቱ እየተርገበገበ ከሆነ ራውተሩ ከመስመሩ ጋር ለመያያዝ እየታገለ ነው ማለት ነው። ይህን ካየን በኋላ አጥፍተን ብናበራ ችግር የለውም።

የስልኩ ድምፅ ደግሞ ከሁሉም የረዳን ነው። በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኔት ከቤት ስልኩ ጋር በአንድ ሽቦ ነው የሚጓዘው። ስልኩን ስታነሱ መጀመሪያ የሚሰማው የመደወያ ድምፅ ሌላውን ይሸፍናል። አንድ ቁጥር ስትጫኑ እሱ ይቆማል። ያን ጊዜ መስመሩ ደህና ከሆነ ዝም ይላል። ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ከተጎዳ ወይም ውኃ ከነካው ግን እንደሚጠበስ ሽንኩርት ይንሻሻላል። እማዬ ይህን ለመለየት የማንንም እርዳታ አልፈለገችም።

በሁለተኛው ወረቀት ላይም መጀመሪያ ሁለት ስህተት ገጠመን። አንደኛው የሰዓት ነው። እማዬ በእኛ ሰዓት ትጽፋለች። ታናሽ እህቴ ደግሞ ከሞባይሏ ላይ ያየችውን ትገለብጣለች። ወረቀቱ ላይ «7:10» የሚል ሦስት ቦታ አገኘሁ። ይህ በሞባይሉ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ከ10 ነው፤ በእኛ ከሆነ ግን ቀን 7 ሰዓት ከ10። ሁለቱም የምንለካባቸው ሰዓቶች ናቸው! የትኛው እንደሆነ ማንም ማስታወስ ስላልቻለ ሦስቱንም ሰረዝናቸው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይህ ነው፦ በእኛ ሰዓት ብቻ ይጻፋል፤ «ጠዋት»፣ «ቀን» ወይም «ማታ» የሚለው ቃል ሳይቀድመው ቁጥር አይጻፍም። እህቴ የመለኪያውን ገጽ ስክሪንሾት ታነሳለች። የሞባይሉ ሰዓት እዚያ ላይ ስላለ ለማመሳከር ይበቃል።

ሁለተኛው ስህተት አስደስቶን ነበር። አንድ ማታ «14» የሚል ቁጥር ተጻፈ። የ4 ሜጋ መስመር 14 ሊሰጥ አይችልም። ዋይፋዩ ሲደክም ሞባይሉ ወደ ሲም ዳታ ዞሮ ነበር። ሦስተኛው ተራ ላይ የሲም ዳታውን አጥፉ የሚለው የመጣው ከዚህ ነው። ከጥቅላችሁ በጣም የሚበልጥ ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር። አባባ «4 ሜጋ ከፍዬ ፋይል ሳወርድ ግማሽ ሜጋ እንኳ አይሞላም» ብለው ተናደው ነበር። ጥቅሉ የሚለካው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል ሲወርድ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ 4 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ነው። በስልክ ሽቦ ሲሆን ደግሞ ጥቂቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በመለኪያው 3.4 ወይም 3.5 ካየን መስመሩ ጤነኛ ነው ብለን ተስማማን። በዚህ መደወል ራስን ማድከም ነው።

ያለ ስህተት የተሞላው ሳምንት እንዲህ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ስለሚቀራረቡ ከፍተኛውን ብቻ ልጻፍላችሁ።

ሰኞ፦ ጠዋት 3.4፣ ቀን 3.5፣ ማታ 3.3። ቀኑን ሙሉ ዝናብ የለም።
ማክሰኞ፦ ጠዋት 3.4፣ ቀን 3.5። 9 ሰዓት ላይ ኃይለኛ ዝናብ። ማታ 0.7፤ መብራቱ ይርገበገባል፤ ስልኩ ይንሻሻላል።
ረቡዕ፦ ጠዋት 0.9፣ ጉም። ቀን 2.8፣ ፀሐይ ወጥቷል። ማታ 3.3፤ ስልኩ ንጹህ።
ሐሙስ፦ ሦስቱም 3.4፣ ደረቅ ቀን።
ዓርብ፦ ጠዋት 3.4፣ ቀን 3.4። 10 ሰዓት ላይ ዝናብ። ማታ 0.6።
ቅዳሜ፦ ጠዋት 0.8፣ ቀን 1.1፣ ሰማዩ አልከፈተም። ማታ 0.7፣ ካፊያ።
እሑድ፦ ጠዋት 1.0፣ ቀን 3.1 ፀሐይ፣ ማታ 3.3።

ዝናቡንና ጉሙን እንድትጽፍ እማዬን ማንም አልነገራትም። «ያያችሁትን ማንኛውንም ነገር» ስለሚል ጻፈችው። እኔ ወረቀቱን ሳዘጋጅ ያሰብኩት የማታ መጨናነቅን ነበር። ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ኔት ሲከፍት ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ይህ ያለ ነገር ነው። ግን መጨናነቅ ቢሆን ኖሮ ሰኞ ማታም፣ ረቡዕ ማታም፣ ሐሙስ ማታም ይዘገይ ነበር። ደግሞም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚያጨናንቅ ሰው የለም። ማታ ማታ የመሰለን ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ነው። ውኃው መስመሩ ውስጥ ይገባል፤ ማታውንና ጠዋቱን እንደረጠበ ያድራል፤ በማግሥቱ ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቃል። አባባ ቀን ላይ ሲደውሉ «ችግር የለም» የተባሉትም ለዚህ ነው። የተነገራቸው ውሸት አልነበረም።

ከመደወላችን በፊት አንድ ነገር ብቻ ቀረን። እርጥበቱ የገባው ከቤት ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? ቅዳሜ ቀን፣ ኔቱ እንደዘገየ፣ እህቴ ስልኩንና ኔቱን የምትለየውን ትንሽ ሳጥን፣ ስፕሊተሯን፣ ነቀለች። የቤት ስልኩንም ነቀለች። የራውተሩን ገመድ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካች። ቁጥሩ ያው 1.1 ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ከስፕሊተሩም ከስልኩም አይደለም። ቁጥሩ ወደ 3.4 ቢመለስ ኖሮ መደወል አያስፈልገንም ነበር፤ አዲስ ስፕሊተር እንገዛ ነበር።

ወላጆቼ መኝታ ቤት ውስጥ ደግሞ በደረቅ ቀንም 0.4 ነው የሚመጣው። ግድግዳው የድንጋይ ነው፤ ዋይፋይ አያሳልፍም። ይህ የቤታችን ጉዳይ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ አላስገባነውም። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚደውል ሰው «የዋይፋይ ችግር ነው» ተብሎ ይመለሳል።

ሰኞ ጠዋት አባባ ደወሉ። ከወረቀቱ ግርጌ የጻፍንላቸውን ነው ያነበቡት፦ «የአገልግሎት ቁጥራችን ይህ ነው። ጥቅላችን 4 ሜጋ ነው። በሰባት ቀን ሃያ አንድ ጊዜ ለክተናል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ከ1 ሜጋ በታች ይወርዳል፣ የ DSL መብራት ይርገበገባል፣ ስልኩ ይንሻሻላል። በደረቅ ቀን ማታም ቢሆን 3.3 ወይም 3.4 ነው። ያለ ስፕሊተር በቀጥታ ሰክተን ሞክረናል፣ ለውጥ የለም። የውጭ መስመሩ ይታይልን።» ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ የሚል አልመጣም። የአቤቱታ ቁጥር ተሰጣቸው፤ አባባ እሱንም እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት።

በሦስተኛው ቀን ቴክኒሻን መጣ። ወረቀቱን አይቶ ቤት ውስጥ ምንም አልነካም፤ መሰላሉን ይዞ በቀጥታ ወደ ውጭ ወጣ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያለችው የሽቦ መገናኛ ሳጥን ክዳኗ ተሰንጥቋል። ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ አረንጓዴ ሆኗል። የተበላውን ቆርጦ ጣለ፣ እንደ አዲስ አገናኘው፣ ክዳኑን ለወጠው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም።

ወረቀቱን ለቤታችሁ ልትገለብጡት ካሰባችሁ መስመራችሁን እዩ። በፋይበር ከሆነ የስልኩን ድምፅ ሰርዙት። DSL በሚለው ፋንታ LOS የሚለውን መብራት ጻፉ፤ ቀይ ሆኖ ከታየ የፋይበሩ ብርሃን ቤታችሁ እየደረሰ አይደለም። ሲም በሚገባበት ራውተር ከሆነ ደግሞ የኔትወርኩን ዘንግ ብዛትና ራውተሩ የተቀመጠበትን ቦታ ጻፉ።

ከጥገናው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ በአራተኛው ቀን መጣ። እህቴ የላከችልኝ ተራ እንዲህ ይላል፦ «ከ9 እስከ 11 ሰዓት ዘነበ። ማታ 2 ሰዓት። መብራቱ ቀጥ ብሎ ይበራል። ስልኩ ንጹህ። 3.4፣ 3.4።»