የግቢያችን በር ለምን ነዘረ?

አምና ግንቦት ላይ ጎንደር ማራኪ በሚገኘው ቤታችን የግቢ በር አጠገብ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ መብራት ገጠምሁ። ገመዱን ከበረንዳው እስከ በሩ 14 ሜትር መዘርጋት፣ ግንቡን በድሪል በስቶ ፊሸር ማስገባት፣ መብራቱን 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ማሰር በአንድ ከሰዓት በኋላ ያለቀ ሥራ ነው። ሴንሰሩም ቢሆን አላስቸገረም፤ የሚያየው የሰውን ሙቀት ሲንቀሳቀስ ስለሆነ ፊት ለፊት ከሚመጣበት ይልቅ በጎን የሚያቋርጠውን ቶሎ ይይዛል፤ ስለዚህ ከመንገዱ አዙሬ ወደ ግቢው መግቢያ አግድም እንዲመለከት አደረግሁት። ያበላሸሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የገመዱን መገናኛ።

መብራቱ ከፋብሪካ የሚመጣው አንድ ክንድ ከማይሞላ ገመድ ጋር ስለሆነ ከቤት ከሚመጣው ገመድ ጋር የግድ ውጭ ላይ መቀጠል አለበት። ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው ውሃ አያስገባም የተባለ የፕላስቲክ ሳጥን ሰጥቶኝ «ዙሪያውን በሲልከን ድፈነው፣ አለቀ» አለኝ፤ ከመብራቱ ጋር የመጣው ወረቀትም ክፍተት ሁሉ ይደፈን ይላል። እኔም ታዛዥ ሆኜ ሳጥኑን በበሩ ምሰሶ ላይ አሰርሁ፤ ገመዱን ከላይ አስገባሁ፤ ሁለቱን ሽቦዎች ጠምዝዤ በናስትሮ ጠቀለልሁ፤ ክዳኑንም ሆነ ቀዳዳዎቹን አንድ ሳላስቀር ደፈንሁ። በሥራዬ ኮርቼ ለጎረቤት ሁሉ ማሳየቴን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ክረምቱ ገብቶ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ መብራቱ ማታ ማታ ያለ ምክንያት ይበራና ይጠፋ ጀመር፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲወጣ ግን ደህና ይሆናል። ሲዘንብ የሚታመምና ሲደርቅ የሚድን መብራት ውሃ ገብቶበታል ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ሴንሰሩን ጠረጠርሁ። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ማለዳ የባለቤቴ እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «ልጄ፣ ይኼ በር ነዘረኝ እኮ» አሉኝ። እኔ ግን «እማማ፣ ብርዱ ይሆናል፤ እጅዎ ደንዝዞ ነው» ብዬ አለፍኋቸው። በማግስቱ ደግመው ሲነግሩኝ በፌዝ መፈለጊያው ካቻቢቴ የበሩን መወርወሪያ ነካሁት፤ በራ።

ብሬከሩን አጥፍቼ፣ ሽቦው መሞቱን በቴስተር አረጋግጬ ሳጥኑን ስከፍተው ግማሽ ሲኒ የሚሆን ውሃ ወጣ። ናስትሮው ሙጫው ለቆ ተፈትቷል፤ መዳቡም አረንጓዴ ሆኗል። ውሃው የገባው በገመዱ በኩል ነው፤ የሳጥኑ ማጥበቂያ ጎማ የተሠራው ለክብ ገመድ ሲሆን እኔ ያስገባሁት ጠፍጣፋውን ስለነበረ በሁለቱ ጎን ክፍተት ቀርቷል፤ ሲልከኑም ከገመዱ ላስቲክ ተላቆ ነበር። በዚህ ላይ ቀን በሞቀው የሳጥኑ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት በሌሊቱ ቅዝቃዜ ጤዛ ይሆናል። ከታችም ደፍኜው ስለነበር የገባው ሁሉ መውጫ አላገኘም። ከዚያ ኤሌክትሪኩ በራሰው ምሰሶ አድርጎ ግንቡ ውስጥ እስከተቀበረው የበሩ ማጠፊያ ደርሷል። የቤታችን ብሬከር ያልጠፋው ተበላሽቶ አይደለም፤ ተራ ብሬከር የሚያጠፋው ገመድ ሲገናኝ ወይም ጭነት ሲበዛ እንጂ እንዲህ ያለ ትንሽ መፍሰስ ሲኖር አይደለም። ለዚህ የሚሆነው በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው የፍሳሽ ብሬከር ነው፤ አሁን አስገብቻለሁ፤ ከመብራቱ በፊት መግዛት የነበረብኝም እርሱን ነበር።

ሁለተኛውን ጊዜ የሠራሁት እንዲህ ነው። ኧርዝ ያለውን ባለ 3 ሽቦ ክብ ገመድ ገዛሁ፤ የኧርዙን ሽቦ ከመብራቱ የብረት አካል ጋር አሰርሁት። ሽቦዎቹን በመጠምዘዝ ፋንታ ሽቦን በብሎን በሚይዘው ሞርሰቶ አጠበቅሁ። ሳጥኑን ከምሰሶው አንሥቼ በአጥሩ ክዳን ሥር አስጠጋሁት፤ ሁለቱም ገመዶች ከታች እንዲገቡና ከመግባታቸው በፊት ዝቅ ብለው እንዲታጠፉ አደረግሁ፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ ወደ ሳጥኑ አይወጣም። ሲልከን ከላይና ከጎን ብቻ ቀባሁ፤ ከታች ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሳሁ። ሻጩ ይህን ሲሰማ «የሳጥኑን ዋስትና አበላሸኸው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የተበሳ ሳጥን በላዩ የተጻፈውን ውሃ የመከላከል ደረጃ አያሟላም። ነገር ግን ከታች ከሚረጭ ውሃ ርቆ ክዳን ሥር ላለ ሳጥን ውሃ የሚያጠራቅም ደረጃ ምን ያደርግልኛል?

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ፣ ከበረዶው ማግስት ከፍቼ አየሁት፤ ሞርሰቶው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ በቀዳዳው በኩል የገባች አንዲት ሸረሪት ብቻ ድሯን አድርታበታለች። እማማ ግን እስከ ዛሬ መወርወሪያውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ነው የሚከፍቱት፤ እኔም ይተዉት ለማለት አፍ የለኝም።