ከሌላ ሰው ጥናት ላይ ምስልና ዳታ ስወስድ የሄድኩበት መንገድ

የማስተርስ ጽሑፌ ስለ ስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃና በውስጡ ስላለው ፍሎራይድ ነበር። የቀደሙ ጥናቶችን ለሚዳስሰው ምዕራፍ አንድ የጂኦሎጂ ካርታ፣ ፍሎራይድ ከድንጋይ ወደ ውሃ እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ አንድ ሥዕል፣ ደግሞም ከተለያዩ ጥናቶች የተሰበሰበ የፍሎራይድ መጠን ያስፈልገኝ ነበር። ብዙዎቻችን የለመድነው ስክሪንሾት አንስተን ከሥሩ የጸሐፊውን ስም መጻፍ ነው። ስም መጥቀስ ግን ሥራው የማን እንደሆነ ከመናገር አያልፍም። ምስሉን መልሶ ለማተም የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለመብቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሳታሚው እንጂ ጸሐፊው አይደለም።

ከካርታው ጀመርኩ። ያለበት ጆርናል የኤልሰቪየር ስለነበር የጽሑፉ ገጽ ላይ “Get rights and content” የሚል ሊንክ አለ። ስጫነው RightsLink የሚባለውን የፈቃድ መጠየቂያ ገጽ ከፈተልኝ። ለምን እንደምፈልገው፣ ስንት ምስል እንደምወስድ፣ በወረቀት ይሁን በኤሌክትሮኒክ እንደሚወጣ ጠየቀኝ። ለመመረቂያ ጽሑፍ መሆኑን ሞላሁ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ጽሑፉን ኦንላይን ስለሚያስቀምጡት ሁለቱንም ዓይነት መረጥኩ። ዋጋው ዜሮ ነበር። ቁጥር ያለው የፈቃድ ፒዲኤፍ ሲመጣልኝ ከጽሑፉ ፋይሎች ጋር አስቀመጥኩት።

ሥዕሉ CC BY 4.0 የሚል ነጻ ፈቃድ ያለው ጽሑፍ ውስጥ ነበር። እዚህ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም፤ ባለቤቱን መጥቀስ፣ የፈቃዱን ሊንክ ማስገባትና የለወጡት ነገር ካለ መናገር በቂ ነው። ነገር ግን ከሥዕሉ ሥር ያለውን መግለጫ እስከ መጨረሻው ሳነበው “በአሳታሚው ፈቃድ ከሌላ ጽሑፍ የተወሰደ” ይላል። እንዲህ ከተባለ የጽሑፉ ነጻ ፈቃድ ያንን ሥዕል አይሸፍነውም። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ባለቤት ሄጄ እዚያ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ መግለጫውን ሳላነብ ምንም ምስል አልወስድም። ፈቃዱ ላይ መለወጥን የሚከለክለው ND የሚል ፊደል ካለበት ደግሞ ቆርጦም ሆነ አስተካክሎ ማውጣት አይቻልም።

ብዙ ያሠራኝ ዳታው ነው። የተለካው ቁጥር በራሱ እውነታ ስለሆነ በጥቅሉ የቅጂ መብት አይዘውም፤ የሚጠበቀው ሰውየው ያቀረበበት መንገድ፣ ማለትም የግራፉ ሥዕልና የሠንጠረዡ አደረጃጀት ነው። ስለዚህ የማንንም ሠንጠረዥ እንዳለ ሳልገለብጥ ለእኔ ጥያቄ የሚሆነውን ብቻ ይዤ የራሴን ሠራሁ፦ ቦታ፣ የጉድጓድ ጥልቀት፣ ፍሎራይድ፣ እና በእያንዳንዱ ረድፍ መጨረሻ ምንጩ። የሌላ ሰው ግራፍ ቀለሙን ብቻ ቀይሮ “የራሴ” ማለት ግን አይሆንም፤ እሱ ያው ግራፉ ነው።

ቁጥሮቹን ሳሰባስብ አንዱ ጥናት በሊትር ሚሊግራም፣ ሌላው በሊትር ሚሊሞል ሆኖ አገኘሁት። ለፍሎራይድ 1 ሚሊሞል 19 ሚሊግራም ገደማ ነው። ይህን ሳያዩ አንድ ላይ ቢደረድሯቸው፣ ከዓለም ጤና ድርጅት የ1.5 ሚሊግራም ወሰን በብዙ እጥፍ የሚያልፍ ውሃ ንጹሕ መስሎ ይታያል። “ከመሣሪያው የመለካት አቅም በታች” የተባለውንም ዜሮ ብዬ አልሞላሁትም፤ እንደተባለው ጻፍኩት። አንዱ ሠንጠረዥ ደግሞ ራሱ ከሌላ ጥናት የተወሰደ ስለነበር ዋናውን አግኝቼ ከዚያ ወሰድኩ።

አንድ ጥናት ቁጥሩን በግራፍ ብቻ ነበር ያሳየው። የግራፍ ነጥቦችን ወደ ቁጥር በሚቀይረው WebPlotDigitizer ላይ ምስሉን ጫንኩ፤ በየዘንጉ ዋጋቸው የሚታወቅ ሁለት ሁለት ነጥብ አመለከትኩና ሌሎቹን አነበብኩ። ትክክል መሆኑን ለማየት ጽሑፉ ውስጥ በቁጥር የተጠቀሰውን ከፍተኛውን መጠን ግራፉ ላይ አንብቤ አስተያየሁ። ዘንጉ ሎጋሪዝም ከሆነ ቀድሞ ካልተነገረው ሁሉም ነጥብ ይዛባል።

ለራሴ ግራፍ የጻፍኩት መግለጫ ይህን ይመስል ነበር፦ “ምስል 4። የፍሎራይድ መጠን ከጉድጓድ ጥልቀት ጋር። ግራፉ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነው፤ ዳታው ከሠንጠረዥ 2 ምንጮች። ባዶ ክቦቹ ከታተመ ግራፍ የተነበቡ ስለሆኑ ግምታዊ ናቸው። አሃዱ በሙሉ ወደ ሚሊግራም በሊትር ተቀይሯል።” ለካርታው ግን አሳታሚው በሰጠኝ ቃል መሠረት የጆርናሉን ስም፣ ቅጽና ዓመት ጠቅሼ “በኤልሰቪየር ፈቃድ የታተመ” አልኩ። ካርታው ላይ የናሙና ቦታዎች ስለጨመርኩ ያንንም ጻፍኩ።

ምዕራፉን በኋላ ወደ ጆርናል ጽሑፍ ስቀይረው የካርታው ፈቃድ አላገለገለኝም፤ የተሰጠኝ ለመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ስለነበር ለጆርናሉ እንደገና ማመልከት ነበረብኝ። ቁጥሩን በግራፍ ብቻ ያሳየውን ጥናት በተመለከተ ደግሞ ለአጥኚው ኢሜይል ጻፍኩላቸው። የምስሉ መብት የአሳታሚው እንደሆነ ነገሩኝና ጥሬ ዳታውን በኤክሴል ላኩልኝ። ስማቸውን ጠቅሼ ዳታውን ማውጣት እችል እንደሆነ ጠይቄ በጽሑፍ ከፈቀዱልኝ በኋላ ባዶ ክቦቹን በትክክለኛው ቁጥር ተካሁና መግለጫው ላይ “ግምታዊ” የሚለውን አውጥቼ “ጥሬ ዳታው ከአጥኚው የተገኘ” ብዬ አስገባሁ።